የኮንሰርት አልበምና ያልተቋረጠ ሚክስ ለማድመጥ፦ ጋፕለስ፣ ክሮስፌድ ወይስ አንድ ወጥ ፋይል?

ከመድረክ የተቀረጸ አልበም በስልካችሁ ስትከፍቱ አንዱ ዘፈን አልቆ ሕዝቡ ገና እያጨበጨበ ሳለ ድምፁ በድንገት ይቆረጣል፤ ለአፍታ ጸጥ ይልና ጭብጨባው ከመሃሉ ይቀጥላል። ዲጄ ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ያቀናበረው ሚክስ ሲሆን ደግሞ ይባስ ይሰማል፤ ከበሮው እየመታ በነበረበት ቦታ ላይ ይደናቀፋል። መፍትሔ ፍለጋ የማጫወቻውን ቅንብር ስትከፍቱ የተለያዩ ምርጫዎች ታያላችሁ። አንዱ Gapless ይላል፤ ሌላው Crossfade ይላል፣ ሰከንድ የሚመረጥበት መስመርም አለው፤ በአንዳንድ አገልግሎቶች ላይ Automix የሚል ይጨመራል። ሁሉም በዘፈኖች መካከል ያለውን ጸጥታ የሚያጠፉ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው አንዱን ከሌላው ሳይለይ ሁሉንም ያበራቸዋል።

ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ጋፕለስ የተቆረጠውን በተቆረጠበት ቦታ ላይ መልሶ ያገናኛል። ክሮስፌድ የአንዱን ዘፈን መጨረሻ በሌላው መጀመሪያ ላይ ይደርባል። ቀድሞውኑ አንድ ሆኖ ለተቀረጸ ሙዚቃ የሚያስፈልገው ማገናኘት ነው፤ መደረብ ያበላሸዋል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው።

## አማራጮቹን የምንመዝንባቸው መለኪያዎች

የመጀመሪያው መለኪያ ጊዜ ነው። በቅጂው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቅጽበት ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ይሰማል ወይ? አንድ ሰዓት የሆነ ሚክስ ተጫውቶ ሲያልቅ አንድ ሰዓት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ምት ነው። ለጭፈራ የተሠራ ሚክስ የሚቆመው በምቱ እኩልነት ላይ ነው። መገናኛው ላይ ምቱ በጥቂት መቶኛ ሰከንድ እንኳ ቢዛነፍ እግር ያውቀዋል።

ሦስተኛው የአዳራሹ ድምፅ ነው። በኮንሰርት ቅጂ ውስጥ ጭብጨባው፣ እልልታው፣ ፉጨቱና ዘፋኙ በዘፈኖች መካከል የሚናገረው ሁሉ የሥራው አካል ነው። ይህ ሳይቋረጥና ሳይደራረብ ካልተሰማ ሰሚው ቦታው ላይ ያለ ያህል አይሰማውም።

አራተኛው ነጻነት ነው፤ የፈለጋችሁትን ዘፈን ለይቶ መክፈት፣ መዝለል፣ ከሌሎች ጋር ቀላቅሎ ማጫወት ይቻላል ወይ? አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ አማራጩ በእጃችሁ ባለው መሣሪያ ላይ መሥራቱና የሚጠይቀው ወጪ ነው። በስልክ ላይ ያማረ ቅንብር በፍላሽ በሚሠራ የመኪና ቴፕ ላይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል።

## ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ክፍተቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ መድኃኒቱም በዚያው ልክ ይለያያል።

በሲዲ ዘመን የኮንሰርት አልበም ሳይቆረጥ ይሰማ ነበር። በሲዲ ላይ ድምፁ አንድ ቀጣይ ጅረት ነው፤ የትራክ ቁጥር ማለት በዚያ ጅረት ላይ «ቀጣዩ ዘፈን እዚህ ይጀምራል» የሚል ምልክት ብቻ ነው። ማጫወቻው ምልክቱን አልፎ ንባቡን ይቀጥላል። አልበሙ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ግን እያንዳንዱ ትራክ ራሱን የቻለ ፋይል ይሆናል፤ ችግሩም እዚያ ይጀምራል።

ኤምፒ3 ድምፅን የሚያሽገው 1,152 ናሙና፣ ማለትም በየቅጽበቱ የተወሰደ የድምፅ ልኬት፣ በያዙ እኩል ጥቅሎች ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና ባለው ቅጂ አንዱ ጥቅል 26 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ዘፈኑ በትክክል በጥቅል መጨረሻ ላይ ስለማያልቅ የቀረው ቦታ በጸጥታ ይሞላል። ከዚህ በተጨማሪ አሻጊው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ጸጥታ ያስገባል፤ ሌም በሚባለው በስፋት የሚሠራበት አሻጊ ይህ 576 ናሙና ነው። ፋይሉን የሚፈታው ፕሮግራም ደግሞ በበኩሉ 529 ናሙና ያህል ይዘገያል። ሲደማመር በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የሚደርስ ጸጥታ ይፈጠራል። በአይፎን የተለመደው ኤኤሲም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ድምፅን ጥራቱን ሳይቀንስ የሚያሽገው ፍላክ ግን የናሙናውን ትክክለኛ ቁጥር በፋይሉ ራስ ላይ ስለሚመዘግብና ምንም ስለማይጨምር ከዚህ ችግር ነጻ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ዓይነት፣ ከፋይሉ የሚመጣ ክፍተት ነው። ሁለተኛው ከማጫወቻው ይመጣል። አንዳንድ ማጫወቻዎች አንዱን ፋይል ጨርሰው፣ የድምፅ መውጫውን ዘግተው፣ ቀጣዩን ፈልገው ከፍተው ነው የሚጀምሩት። ይህ ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ሁለቱን በጆሮ መለየት ይቻላል። ክፍተቱ በጣም አጭር ሆኖ በሁሉም መገናኛዎች ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ እንደ ትንሽ ንጥቀት የሚሰማ ከሆነ፣ ምንጩ ፋይሉ ነው። ረዘም ያለና አንዴ የሚያጥር፣ አንዴ የሚረዝም ከሆነ ግን ማጫወቻውን ወይም ኔትወርኩን ተጠራጠሩ።

## አማራጭ አንድ፦ ጋፕለስ

ጋፕለስ የሚባለው አሠራር ሁለቱንም ክፍተቶች ይዘጋል። ማጫወቻው አንዱ ትራክ ከማለቁ በፊት ቀጣዩን ከፍቶ ያዘጋጃል፤ በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበውን የጸጥታ መጠን አንብቦም ያንን ያህል ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ቆርጦ ይጥላል። የቀረው ድምፅ ከቀረው ድምፅ ጋር ይገጥማል። ምንም አይደረብም፣ ምንም አይደበዝዝም።

በመለኪያዎቻችን ሲታይ ጊዜው ይጠበቃል፣ ምቱ አይዛነፍም፣ ጭብጨባው ከዘፈን ወደ ዘፈን ይሻገራል፤ ትራኮቹም ተለያይተው ስለሚቀመጡ የፈለጋችሁትን መክፈት ትችላላችሁ። ከተሳካ ከእርሱ የተሻለ አማራጭ የለም። «ከተሳካ» ማለቴ ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንዲሳካ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

አንደኛ፣ ፋይሉ የጸጥታውን መጠን መዝግቦ መያዝ አለበት። ሌም ይህን በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ይጽፋል። ነገር ግን ፋይሉ በኤምፒ3 መቁረጫ ፕሮግራም ካለፈ ወይም ደጋግሞ ከተቀየረ መረጃው ሊጠፋ ወይም ስህተት ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር ላይ ፉባር2000 የሚባለውን ነጻ ማጫወቻ የምትጠቀሙ ከሆነ የትራኩን Properties ስትከፍቱ `ENC_DELAY` እና `ENC_PADDING` የሚሉ መስመሮች ከቁጥር ጋር ይታያሉ። በኤምፒ3 ፋይል ላይ እነዚህ ከሌሉ ማጫወቻው ምን ያህል እንደሚቆርጥ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛ፣ ማጫወቻው አሠራሩን መደገፍ አለበት። ፉባር2000 ምንም ቅንብር ሳይነካ ያለ ክፍተት ያጫውታል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ በነጻ የሚገኘው ሙዚኮሌትም ይደግፈዋል። በስፖቲፋይ Settings ውስጥ Playback በሚለው ሥር ለብቻው የሚበራ ምርጫ አለ። ቪኤልሲ በብዙ ነገር ጠንካራ ፕሮግራም ቢሆንም በሦስተኛው ትውልዱ ትራኮችን ያለ ክፍተት አያያይዝም፤ ለፊልም አስቀምጡት፣ ለኮንሰርት አልበም ሌላ ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ድምፁ የሚሄድበት መንገድ ማጫወቻውን ማክበር አለበት። ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ይታማል፤ ግን ስልኩ ድምፁን አገናኝቶ ካወጣ በኋላ ብሉቱዝ የሚያስተላልፈው አንድ ቀጣይ ጅረት ስለሆነ በራሱ ክፍተት አይፈጥርም። ችግሩ ሙዚቃውን ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ኔትወርክ ድምፅ ማጉያ ስታስተላልፉ ነው። ያን ጊዜ ስልኩ የሚልከው የትራኩን አድራሻ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉን የሚከፍተው ተቀባዩ መሣሪያ ነው። የስልኩ ቅንብር እዚያ ዋጋ የለውም። በኢንተርኔት ስታዳምጡም ቀጣዩ ትራክ ቀድሞ ካልወረደ ጋፕለስ ቢበራም ክፍተቱ ይመጣል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ አልበሙን አስቀድሞ አውርዶ ማጫወት አስተማማኝ ነው።

መሣሪያችሁን ለመፈተን ጭብጨባ አይመከርም፤ ጭብጨባ ጥቃቅን ክፍተትን ይሸፍናል። ያልተቋረጠ ቀጭን ድምፅ ግን ምንም አይደብቅም። በኮምፒውተራችሁ ላይ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ነጻ የድምፅ መቀየሪያ ፕሮግራም ካለ በዚህ ትእዛዝ የመፈተኛ ፋይል ሥሩ፦

```
ffmpeg -f lavfi -i sine=frequency=440:duration=10 1.flac
```

ድምፁ በሰከንድ 440 ጊዜ ስለሚርገበገብ በ10 ሰከንድ ውስጥ ልክ 4,400 ሙሉ ዙር ይጨርሳል። ስለዚህ መጨረሻው ከራሱ መጀመሪያ ጋር ይገጥማል። ፋይሉን 2.flac በሚል ስም ቅዱና ሁለቱን አከታትላችሁ አጫውቱ፤ ክሮስፌዱ ዜሮ ላይ ይሁን። አሥረኛው ሰከንድ ላይ ምንም ካልሰማችሁ ማጫወቻችሁ በትክክል ያገናኛል። ቋ የሚል ወይም የጸጥታ ንጥቀት ከሰማችሁ አያገናኝም። ይህ ማጫወቻውንና መንገዱን ይፈትናል፤ የኤምፒ3 ፋይሎቻችሁን ጤንነት ግን ከላይ ባየነው መንገድ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል።

## አማራጭ ሁለት፦ ክሮስፌድ

ክሮስፌድ አንዱ ዘፈን ሊያልቅ የመረጣችሁት ያህል ሰከንድ ሲቀረው ቀጣዩን ያስጀምራል፤ የመጀመሪያው ድምፅ እየቀነሰ፣ የሁለተኛው እየጨመረ ይሄዳል። በስፖቲፋይ እስከ 12 ሰከንድ ድረስ ይመረጣል። አፕል ሙዚክም ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ በአይፎን ላይ ከ1 እስከ 12 ሰከንድ ይፈቅዳል።

በስቱዲዮ ለተሠሩ፣ ከተለያየ አልበም ለተለቀሙ ዘፈኖች ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ብዙዎቹ ዘፈኖች መጨረሻቸው ላይ ድምፃቸው እየቀነሰ ስለሚጠፋ በዚያ ላይ ሌላ ዘፈን ቢገባ ግብዣው አይቀዘቅዝም። ያልተቋረጠ ሚክስ ላይ ሲሠራ የሚሆነውን ግን በቁጥር እንየው።

አንድ ሰዓት የሚፈጅ፣ በ20 ትራኮች የተከፈለ፣ በደቂቃ 128 ምት ያለው ሚክስ አለን እንበል። ክሮስፌዱ 6 ሰከንድ ላይ ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ምት 0.469 ሰከንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ በ6 ሰከንድ ውስጥ 12.8 ምት አለ። ማጫወቻው ቀጣዩን ትራክ 6 ሰከንድ አስቀድሞ ሲያስገባው የአዲሱ ትራክ ከበሮ ከአሮጌው ከበሮ ጋር አይገጥምም፤ በ0.2 ምት፣ ማለትም በ94 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይለያያሉ። ጆሮ ይህን ሁለት ከበሮ የተጋጩ ያህል ይሰማዋል፤ ግጭቱም ለ6 ሰከንድ ይቆያል። ዲጄው መገናኛውን ሲሠራ ያጠፋውን ስህተት ማጫወቻው መልሶ አስገባው ማለት ነው።

ፍጥነቱ 120 ቢሆን ኖሮ 6 ሰከንድ ልክ 12 ምት ስለሚሆን ከበሮዎቹ ይገጥሙ ነበር። ቢሆንም ሦስት ባለ አራት ምት ስንኞች ተዘልለው ዜማው ከራሱ የወደፊት ክፍል ጋር ይደረባል። ጊዜውንም ስንቆጥረው 20 ትራኮች 19 መገናኛዎች አሏቸው፤ 19 ጊዜ 6 ሰከንድ 114 ሰከንድ ነው። የአንድ ሰዓቱ ሚክስ ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ አጥሮ ያልቃል። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ከሁለቱም ወገን 6 ሰከንድ ስለሚደራረብ ደግሞ 3 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ የሚሆነው ሙዚቃ ተደበላልቆ ነው የሚሰማው።

በኮንሰርት አልበም ላይ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። የትራኩ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው የሚቀጥለው ዘፈን ሊጀምር ሲል ነው። ስለዚህ ጭብጨባውና ዘፋኙ ለታዳሚው የሚናገረው በቀዳሚው ትራክ መጨረሻ ላይ ይቀራል። 8 ሰከንድ ክሮስፌድ ስታበሩ ዘፋኙ «ቀጣዩ ዘፈን» እያለ ገና ስሙን ሳይጠራ ዘፈኑ ከሥሩ ይጀምራል። ይህ ብቻ አይደለም። አዲሱ ትራክ ከዜሮ ድምፅ ተነሥቶ እየጨመረ ስለሚመጣ በኃይል የሚጀምር ዘፈን የመጀመሪያ ምቱን ያጣል። ከበሮ መቺው ቆጥሮ ሙሉ ባንዱ በአንድ ላይ የሚመታባት ያቺ ቅጽበት፣ ሕዝቡ በእልልታ የሚቀበላት፣ ጨርሶ አትሰማም። አንድ የኮንሰርት አልበም ስታዳምጡ የዘፈኖቹ መግቢያ ሁሉ ደካማ ከመሰላችሁ ባንዱን ከመውቀሳችሁ በፊት ክሮስፌዱን ተመልከቱ።

ክሮስፌድ ለኮንሰርት ቅጂ የሚጠቅምበት አንድ ሁኔታ አለ። ከተለያዩ ኮንሰርቶች የተለቀሙ ዘፈኖችን በአንድ ዝርዝር ስታጫውቱ እያንዳንዱ ትራክ በጭብጨባ መሃል ይጀምራል፣ በጭብጨባ መሃልም ይቆረጣል። እዚህ የሚገናኝ ነገር የለም፤ ጋፕለስ የሚያደርገው ቆረጣውን ይበልጥ ማሳየት ነው። ከ2 እስከ 4 ሰከንድ የሆነ አጭር ክሮስፌድ አንዱን ጭብጨባ በሌላው ውስጥ ያሟሟዋል። መሃሉ ላይ ድምፁ ዝቅ ብሎ ከተሰማችሁ የማጫወቻው ቅነሳና ጭማሪ ቀጥ ባለ መስመር የሚሄድ ነው። ሁለት የማይዛመዱ ድምፆች እንደዚያ ሲቀላቀሉ መሃሉ ላይ 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳሉ። የመስመሩን ቅርጽ የሚያስመርጥ ማጫወቻ ካላችሁ እኩል ኃይል የሚለውን ምረጡ።

በዚህ ረገድ በጣም የተመሰገነ አሠራር ያየሁት ሮክቦክስ ላይ ነው፤ በአሮጌ ኪስ ማጫወቻዎች ላይ የሚጫን ነጻ ሶፍትዌር ነው። ክሮስፌዱን ትራኮች በዘፈቀደ ሲጫወቱ ብቻ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። አልበም በተርታው ስትሰሙ ራሱ ይጠፋል፣ ስትቀላቅሉ ራሱ ይበራል። ሁሉም ማጫወቻ ቢከተለው ይህ ጽሑፍ ግማሽ ያህሉ ባላስፈለገ ነበር።

## አማራጭ ሦስት፦ ማጫወቻው ራሱ የሚያቀላቅለው

በስፖቲፋይ Automix የሚባለውና በሌሎችም አገልግሎቶች በተለያየ ስም የሚገኘው አሠራር የዘፈኖቹን ምትና ፍጥነት ገምቶ መገናኛውን ራሱ ይመርጣል። ለግብዣ ዝርዝር ከተራ ክሮስፌድ ይሻላል። ዲጄ አስቀድሞ ባገናኘው ሚክስ ላይ ግን ሁለተኛ ዲጄ መጨመር ነው። አገልግሎቱ በየትኛው ዝርዝር ላይ እንደሚሠራና እንደማይሠራ ከውጭ መቆጣጠር ስለማይቻል አልበምና ሚክስ ስትሰሙ አጥፉት።

## አማራጭ አራት፦ አንድ ወጥ ፋይል

መሣሪያው ጋፕለስን የማይደግፍ ከሆነ የሚቀረው መንገድ መገናኛውን ማስወገድ ነው። ሚክሱ በአንድ ፋይል ከተቀመጠ የሚዘጋ ክፍተት አይኖርም። ፍላሽ የሚቀበል የመኪና ቴፕና በየቤቱ ያለው ባለ ዩኤስቢ ድምፅ ማጉያ ብዙ ጊዜ በትራኮች መካከል ይቆማል፤ የሚስተካከል ቅንብርም የለውም። ለእነዚህ ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም።

ዋጋው የነጻነት ማጣት ነው። ሰባተኛውን ዘፈን ለመስማት ጣትን ቁልፉ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ማስኬድ ግድ ይላል። አንዳንድ ቴፖችም ሞተር ጠፍቶ ሲነሣ ፋይሉን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። በኮምፒውተርና በአንዳንድ የስልክ ማጫወቻዎች ላይ ኪው የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ከድምፁ ጎን ቢቀመጥ የትራኮቹን መጀመሪያ ሰዓት ስለሚነግር መዝለል ይቻላል፤ የመኪና ቴፕ ግን አያነበውም ብላችሁ ተነሡ።

በመጠን በኩል አያስጨንቅም። አንድ ሰዓት ኤምፒ3 በ320 ኪሎቢት 144 ሜጋባይት፣ በ192 ኪሎቢት 86 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ያልታሸገ ዋቭ ግን 635 ሜጋባይት ይደርሳል።

ፋይሎቹን ስታያይዙ አንድ ጥንቃቄ አለ። የኤምፒ3 ፋይሎችን እንዳሉ አንዱን ከሌላው ኋላ መለጠፍ በመካከላቸው ያለውን ጸጥታ በአዲሱ ፋይል ውስጥ ለዘለቄታው ያትመዋል። ያን ጊዜ የትኛውም ማጫወቻ አያድነውም። ፍላክ ወይም ዋቭ ካላችሁ ከእነርሱ ጀምሩ። ያላችሁ ኤምፒ3 ብቻ ከሆነ መጀመሪያ እያንዳንዱን ወደ ዋቭ ፍቱ፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የተመዘገበውን ጸጥታ በዚህ ጊዜ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ የፋይሎቹን ስም በተርታ `file '01.wav'` በሚል ዓይነት list.txt ውስጥ ጻፉና አያይዙ፦

```
ffmpeg -f concat -safe 0 -i list.txt -c:a libmp3lame -b:a 192k mix.mp3
```

ሁሉም ፋይሎች በሰከንድ አንድ ዓይነት የናሙና ብዛት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ 44,100፣ ሌላው 48,000 ከሆነ አስቀድማችሁ አመሳስሉ።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | ጋፕለስ | ክሮስፌድ | ራሱ የሚያቀላቅል | አንድ ወጥ ፋይል |
|---|---|---|---|---|
| የቅጂው ጊዜ | ይጠበቃል | በየመገናኛው ያጥራል | ሊያጥር ይችላል | ይጠበቃል |
| ምት በሚክስ ላይ | አይዛነፍም | ይጋጫል | አያስተማምንም | አይዛነፍም |
| ጭብጨባና ንግግር | ይቀጥላል | ይደራረባል | ሊደራረብ ይችላል | ይቀጥላል |
| ትራክ መዝለል | ይቻላል | ይቻላል | ይቻላል | በኪው ካልሆነ ያስቸግራል |
| የተለቀሙ ዘፈኖች | ቆረጣው ይሰማል | ጥሩ ነው | ጥሩ ነው | አይመችም |
| የሚያስፈልገው | የሚደግፍ ማጫወቻና ጤነኛ ፋይል | ቅንብሩ ያለው ማጫወቻ | አገልግሎቱና ኔትወርክ | ኮምፒውተርና ትንሽ ጊዜ |

## ሌላው ተጠርጣሪ፦ የድምፅ ከፍታ ማስተካከያ

አንዳንድ ጊዜ ክፍተቱ ተዘግቶም መገናኛው ይታወቃል፤ ጭብጨባው ትራኩ ሲቀየር በድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ይህ የክሮስፌድም የጋፕለስም ጉዳይ አይደለም። የድምፅ ከፍታን የሚያመሳስለው ቅንብር እያንዳንዱን ትራክ ለብቻው ለክቶ ነው። ጸጥ ያለው ዘፈን ከፍ ሲደረግ ተከትሎት ያለው ጭብጨባም አብሮ ከፍ ይላል፤ ቀጣዩ ኃይለኛ ዘፈን ደግሞ ዝቅ ይደረጋል። ሪፕሌይጌይን በሚባለው የድምፅ ከፍታ ማመሳሰያ ከትራክ ይልቅ በአልበም የሚለውን ምረጡ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ትራኮች በእኩል መጠን ይስተካከላሉ። ምርጫው ከሌለ አልበሙን ስትሰሙ ማስተካከያውን ሙሉ በሙሉ አጥፉት።

## ለየትኛው ሰው የትኛው?

በስልክ አልበም በተርታ የምታዳምጡ ከሆነ ጋፕለስ ይብራ፣ ክሮስፌድ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ራሱ የሚያቀላቅለው ይጥፋ። ለዚህ ምንም ክፍያ አያስፈልግም። ቦታ የሚበቃችሁ ከሆነ ፋይሎቹን በፍላክ ያዙ፤ የኤምፒ3ን የጸጥታ ችግር ከሥሩ ይነቅላል።

አንዴ አልበም፣ አንዴ የተቀላቀለ ዝርዝር የምትሰሙ ከሆነ ቅንብሩን በየጊዜው መቀያየር ያሰለቻል። ሁለት ማጫወቻ ጫኑ፤ አንዱን ለአልበም በጋፕለስ፣ ሌላውን ለዝርዝር በ3 ሰከንድ ክሮስፌድ አስተካክላችሁ ተዉት።

ታክሲ ወይም የረጅም መንገድ መኪና የምትነዱና ሙዚቃችሁ በፍላሽ ያለ ከሆነ ሚክሱን በአንድ ፋይል በ192 ኪሎቢት ያዙ። የአንድ ሰዓቱን ሚክስ መሃሉ ላይ ሙዚቃው በእውነት የሚያርፍበት ቦታ ካለ እዚያ ለሁለት ክፈሉት፤ ሞተር ሲጠፋ የምታጡት ግማሹን ብቻ ይሆናል።

ለሠርግ ወይም ለግብዣ ድምፅ የምትቆጣጠሩ ከሆነ ደግሞ ዋናውን ሚክስ በአንድ ፋይል፣ በእረፍት ሰዓት የሚሰማውን የዘፈን ዝርዝር ከ4 እስከ 6 ሰከንድ በሆነ ክሮስፌድ አዘጋጁ። ከመጀመራችሁ በፊት ክሮስፌዱ ለዋናው ሚክስ መጥፋቱን አረጋግጡ፤ አንድ ፋይል ቢሆንም እንኳ ክሮስፌዱ በርቶ ከቀረ መጨረሻውን ቆርጦ ቀጣዩን ያስገባበታል።

ሚክሱን ራሳችሁ ሠርታችሁ በትራክ የምትከፍሉት ከሆነ ምልክቱን በምት መነሻ ላይ፣ ከመጀመሪያው ምት ጥቂት ቀደም አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ያን ጊዜ ትራኩን ለይቶ የሚከፍት ሰው የተቆረጠ ከበሮ አይሰማም። ሲዲ የሚቃጠልበት ከሆነ እያንዳንዱ ትራክ በ588 ናሙና የሚካፈል ርዝመት ይኑረው። ሲዲ ድምፅን የሚያስቀምጠው በሰባ አምስተኛ ሰከንድ ክፍልፋዮች ስለሆነ ከዚያ የጎደለው እስከ 13 ሚሊ ሰከንድ በሚደርስ ጸጥታ ይሞላል። የማቃጠያው ፕሮግራም ላይም Disc-at-once የሚለውን ምረጡ፤ Track-at-once ከመረጣችሁ በየትራኩ መካከል ሁለት ሰከንድ ጸጥታ ይገባል።